ፎቶው መንገድ ላይ ሲቀር፦ እንደገና ይላክ፣ ይቀነስ ወይስ ይቆራረጥ?

ባለፈው ክረምት ከሀዋሳ ወደ አለታ ወንዶ አቅጣጫ የቡና ማሳ እየዞረች ፎቶ የምታነሳ የመስክ ሠራተኛ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ በቴሌግራም ስልከው ይሄዳል። በአንተ አፕ ግን ዘጠና ፐርሰንት ይደርስና ከዜሮ ይጀምራል። ዳታዬን ጨረሰው እኮ!»

አፑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የምወቅሰው ሌላ ሰው የለም። ፒያሳ ካለችው ቢሮዬ ሆኜ በዋይፋይ ስሞክረው አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ችግሩም እዚያው ላይ ነበር።

የዚያን ቀን ያነሳችው 46 ፎቶ ነው። ማታ ሰርቨሩን ከፍቼ ስቆጥር 14 ፋይል አገኘሁ። ከ14ቱ ሦስቱ ድግግሞሽ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ከላይ የቡና ችግኝ፣ ከወገብ በታች ባዶ ግራጫ። ይባስ ብሎ፣ ለእነዚህ ለሁለቱ ስልኳ «ተልኳል» ብሎ የራሱን ኮፒ አጥፍቶታል። ተመልሳ ሄዳ ነው ያነሳቻቸው። በዚያ ጭቃ።

ከዚያ በኋላ ነው አማራጮቹን ቁጭ ብዬ ማነጻጸር የጀመርኩት። በደካማ የሞባይል ኔትወርክ ፎቶ የሚልክ አፕ ለምትሠሩ ሰዎች፣ ያሉት መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። ሙሉውን ፎቶ እስኪሳካ ደጋግሞ መላክ። ፎቶውን ስልኩ ላይ አሳንሶ መላክ። ወይም ፎቶውን ቆራርጦ፣ ሲቋረጥ ካቆመበት መቀጠል።

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ይሮጣል። ከእኔ የተለየ መልስ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ሒሳቡን ግን አብረን እንየው።

አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው እንበል። የገጠሩ ኔትወርክ የመላኪያ ፍጥነት በሰከንድ 200 ኪሎቢት ይሁን። ይህ ማለት በሰከንድ 25 ኪሎባይት ነው። ፎቶው ምንም ሳይቋረጥ ቢሄድ 160 ሰከንድ ይፈጅበታል። አሁን ኔትወርኩ በአማካይ በየደቂቃው አንዴ ይቋረጣል እንበል። መቋረጡ በማንኛውም ቅጽበት ሊመጣ የሚችል፣ ያለ ቀጠሮ ነው።

ሙሉውን ፎቶ በአንድ ትንፋሽ ለመላክ 160 ሰከንድ ያልተቋረጠ ኔትወርክ ያስፈልጋል። የኔትወርኩ አማካይ እድሜ ደግሞ 60 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከ100 ሙከራ የሚሳካው 7 ያህሉ ብቻ ነው። አንዷን ፎቶ ለማድረስ በአማካይ 13 ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚበላው ዳታም 20 ሜጋባይት ይደርሳል። ለ46ቱ ፎቶ ከ10 ሰዓት በላይ እና 920 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። «ዳታዬን ጨረሰው» ስትል አላጋነነችም።

ፎቶውን ወደ 400 ኪሎባይት አሳንሰን ብንልከውስ? አንዱ 16 ሰከንድ ብቻ ይፈልጋል። ከአራት ሙከራ ሦስቱ ይሳካሉ። መደጋገሙ ተጨምሮ አማካዩ 18 ሰከንድ ነው። 46ቱ በ14 ደቂቃ ያልቃሉ፤ ዳታው 21 ሜጋባይት ነው።

ዋናውን 4 ሜጋባይት ሳንነካ በ256 ኪሎባይት ቁራጭ ብንልከውስ? አንዱ ቁራጭ አስር ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። ኔትወርኩ ሲቋረጥ የሚጠፋው ያ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ሙሉው ፎቶ በ175 ሰከንድ ይደርሳል። ከማይቋረጥ መስመር የሚለየው በ15 ሰከንድ ብቻ ነው። 46ቱ ግን ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ እና 200 ሜጋባይት ይወስዳሉ።

እንግዲህ መቆራረጥ ብክነትን ያጠፋል፤ ክብደቱን ግን አያቀልም። ማሳነስ ሁለቱንም ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እንዴት ልቆራርጥ?» ሳይሆን «ይህ ፎቶ በእርግጥ 4 ሜጋባይት መሆን አለበት ወይ?» ነው። ችግኙ መጽደቁን ለማየት 1600 በ1200 ፒክስል ከበቂ በላይ ነው። በ80 ጥራት በJPEG ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ኪሎባይት ይሆናል። የቅጠሉን በሽታ አጉልቶ መመርመር ወይም ሰነድ ላይ ያለ ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ካስፈለገ ግን ማሳነስ አይሆንም።

የቴሌግራሙ ምስጢርም ይኸው ነው። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። በዚያ ላይ ፋይሉን በትናንሽ ቁራጭ ነው የሚልከው፤ አንዱ ቁራጭ ቢበዛ 512 ኪሎባይት ነው። ሁለቱንም መንገድ አብሮ ይጠቀማል ማለት ነው። ግን ዋጋ አለው። ፎቶው ውስጥ የተጻፈው የቦታ እና የሰዓት መረጃ አብሮ ይጠፋል። ለእኛ ደግሞ የትኛው ማሳ ላይ እንደተነሳ ካላወቅን ፎቶው ምንም አይሠራልንም።

እናንተም ስታሳንሱ ተመሳሳይ ወጥመድ ይጠብቃችኋል። በአንድሮይድ ፎቶውን ወደ `Bitmap` ከፍታችሁ መልሳችሁ ስታስቀምጡት `EXIF` መረጃው አይከተልም። በብራውዘር `canvas` ስታሳንሱም እንደዚያው። በአንድሮይድ የመጀመሪያ ምልክቱ ጎኑን ዞሮ የሚታይ ፎቶ ነው። የአቅጣጫው መረጃ አብሮ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ጂፒኤሱም አብሮት ሄዷል። በአንድሮይድ `ExifInterface` ተጠቅማችሁ የሚያስፈልጓችሁን መስኮች ወደ አዲሱ ፋይል ቅዱ። ወይም ቦታውን እና ሰዓቱን ለብቻው ከፎቶው ጋር እንደ ጽሑፍ ላኩ። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ይቀለኛል።

መቆራረጥ የግድ የሚሆንበትስ መቼ ነው? የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው። ፎቶው ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ ከኔትወርኩ አማካይ እድሜ ሲሶ ካልበለጠ፣ ሙሉውን ደጋግሞ መላክ ይበቃል። ብክነቱ ቢበዛ 20 ፐርሰንት ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ በፍጥነት እየከፋ ይሄዳል። ጊዜው ከእድሜው ጋር እኩል ከሆነ የሚባክነው ከሚጠቅመው ሰባ ፐርሰንት ያህል ይሆናል። በእኛ ምሳሌ ደግሞ 4 ሜጋባይቱ የኔትወርኩን እድሜ ሁለት ተኩል እጥፍ በልጦት ነበር።

ለመቆራረጥ ከወሰናችሁ የራሳችሁን አሠራር ከመፍጠር `tus` የሚባለውን ክፍት ፕሮቶኮል ብትወስዱ ይሻላል። ለአንድሮይድም ለብራውዘርም ዝግጁ ላይብረሪ አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ስልኩ ከራሱ ግምት አይነሳም፤ ሰርቨሩን «የት ደርሰሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

```
HEAD /files/7f3a HTTP/1.1
Tus-Resumable: 1.0.0

HTTP/1.1 200 OK
Upload-Offset: 1835008
Upload-Length: 4000000
```

ሰርቨሩ ሰባት ሙሉ ቁራጭ እጄ ገብቷል እያለ ነው። ስልኩ ከ1835008ኛው ባይት ጀምሮ በ`PATCH` ይቀጥላል። ስልኩ የተሳሳተ ቦታ ጠቅሶ ከላከ ሰርቨሩ `409` ይመልሳል። ያኔ መፍትሔው እንደገና `HEAD` መጠየቅ እንጂ ከዜሮ መጀመር አይደለም።

እዚህ ጋ ሁለት ቀን የበላችኝን ነገር ልንገራችሁ። `tus` ገጥሜ፣ ቁራጩን 4 ሜጋባይት አድርጌ ተውኩት። «ቢቋረጥም የደረሰው ባይት ሰርቨሩ ላይ ይቀራል» ብዬ ነው። ግን `HEAD` ስጠይቅ ሁልጊዜ `Upload-Offset: 0` ይላል። ለካ ከፊት የቆመው `nginx` ነው። ሳይነገረው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የሚመጣውን ይዘት በሙሉ ራሱ ጋ ያጠራቅማል፣ ሲያልቅ ብቻ ወደ ኋላ ያሳልፋል። በመሃል ከተቋረጠ ያጠራቀመውን ይጥለዋል። የእኔ ፕሮግራም አንድም ባይት አላየም። ይህ እስኪስተካከል ድረስ መቆራረጥ አለኝ ብላችሁ ሙሉውን እየላካችሁ ነው።

```
location /files/ {
    client_max_body_size 6m;
    proxy_request_buffering off;
    proxy_pass http://127.0.0.1:8080;
}
```

የላይኛው መስመርም ያስፈልጋል። ካልነካችሁት `nginx` ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ይዘት አይቀበልም፤ `413` ብሎ ይመልሳል።

የቁራጩ መጠንስ? በላይኛው ምሳሌ 256 ኪሎባይት ሲሆን 175 ሰከንድ፣ 1 ሜጋባይት ሲሆን 228 ሰከንድ ነው። በጣም ማሳነስም አይጠቅምም። እያንዳንዱ ቁራጭ ሰርቨሩ ድረስ ደርሶ መልስ አለው። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ከ256 እስከ 512 ኪሎባይት ጥሩ መካከለኛ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የአማዞን `S3` በክፍል በክፍል መላክ ለዚህ አያገለግልም። ከመጨረሻው በቀር አንዱ ክፍል ቢያንስ 5 ሜጋባይት መሆን አለበት። 4 ሜጋባይት ፎቶ አንድ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ምንም አልተቆራረጠም። ለቪዲዮ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ እነዚያ ግራጫ ፎቶዎች እንመለስ። ይሄ የመንገድ ምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሦስቱንም መንገድ የሚያበላሽ ስህተት ነው።

የእኔ ሰርቨር የሚመጣውን ባይት በቀጥታ የመጨረሻው ስም ባለው ፋይል ላይ ይጽፍ ነበር። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ግማሹ ፋይል በዚያው ስም ቀረ። ስልኩ እንደገና ሲሞክር ሰርቨሩ «ይህ ስም አለኝ» ብሎ እሺ አለው። ስልኩም አምኖ የራሱን ኮፒ አጠፋ። ተመልከቱ፣ ሁለቱም ወገን የተባለውን ነው ያደረገው።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ። ሲያልቅ የባይቱን ብዛት እና የ`SHA-256` አሻራውን ስልኩ ከነገረው ጋር ያመሳክር። ሲገጥም ብቻ ስሙን ወደ መጨረሻው ይቀይር። ስልኩ ደግሞ ኮፒውን የሚያጠፋው ሰርቨሩ ያንኑ አሻራ መልሶ ሲነግረው ብቻ ነው። አንዳንዶች ፋይሉ በ`FF D9` ማለቁን ያያሉ፤ JPEG የሚያልቀው በዚያ ነው። ለፈጣን ፍተሻ ያግዛል። ግን አንዳንድ ስልኮች ከዚያ ምልክት በኋላ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። አሻራውን እመኑ።

ድግግሞሾቹ ከሌላ ቦታ ነው የመጡት። ፎቶው በሙሉ ደርሷል። የጠፋው «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ነው። ለስልኩ ግን ፎቶው መንገድ ላይ ቢቀር ወይም መልሱ መንገድ ላይ ቢቀር ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም ዝምታ ናቸው። እሷም ያልሄደ መስሏት ፎቶውን በእጇ እንደገና መረጠች። የእኔ አፕ በተመረጠ ቁጥር አዲስ ስም ይሰጥ ስለነበር ሰርቨሩ አዲስ ፎቶ መሰለው። አሁን ስሙ ከዋናው ፎቶ አሻራ ነው የሚወጣው። አስር ጊዜ ብትመርጠው ስሙ ያው ነው። የምታሳንሱ ከሆነ ስሙን ከዋናው ፎቶ፣ ማመሳከሪያውን ከተላከው ትንሽ ፎቶ ውሰዱ። አታደባልቋቸው።

«ዘጠና ፐርሰንት ይደርስና» ያለችውስ? የመቶኛው መስመር ሰርቨሩ ጋ የደረሰውን አያሳይም። ስልኩ ለመላኪያ ቋቱ ያስረከበውን ነው የሚቆጥረው። መጨረሻዎቹ ባይቶች ገና ኪሷ ውስጥ ሆነው መስመሩ ሊሞላ ይችላል። መቶ ሲሞላ «ተልኳል» አትበሉ። «በማረጋገጥ ላይ» በሉና ከሰርቨሩ መልስ ሲመጣ አረንጓዴ አድርጉት።

ቀጥሎ መቼ ተስፋ ይቆረጥ የሚለው አለ። ለሙሉው ጉዞ የ60 ሰከንድ ገደብ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው። ፎቶው 160 ሰከንድ የሚፈልግ ከሆነ በደህና ኔትወርክም አይደርስም፤ ገዳዩ እናንተ ናችሁ። ገደቡ በዝምታ ላይ ይሁን። 30 ሰከንድ ሙሉ አንድም ባይት ካልተንቀሳቀሰ አቋርጡና እንደገና ጀምሩ።

ሁሉም ስህተት ደግሞ አይደገምም። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ወይም ሰርቨሩ `503` ወይም `429` ሲል ጠብቆ መድገም ተገቢ ነው። `413` ወይም `415` ሲል ግን ሺህ ጊዜ ብትልኩት መልሱ ያው ነው፤ ዳታ ብቻ ነው የሚያልቀው። `401` ከሆነ መጀመሪያ የመግቢያ ፈቃዱ ይታደስ።

በሙከራዎቹ መካከል ያለው ቆይታ እያደገ ይሂድ ይባላል። ትክክል ነው። ግን በአንድሮይድ `WorkManager` ላይ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ 60፣ ቀጥሎ 120 እያለ ይታጠፋል። አስረኛው ላይ አራት ሰዓት አልፏል፤ ጣሪያው አምስት ሰዓት ነው። ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ገጠር ውላ ማታ ሀዋሳ መናኸሪያ ትወርዳለች። ኔትወርኩ ሙሉ ነው። አፑ ግን ቆይታው ገና ስላላለቀ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የኔትወርኩ መመለስ ቆይታውን አያሳጥረውም። እኔ አፑ ሲከፈት ሥራው እየተጠባበቀ ብቻ ከሆነ በ`enqueueUniqueWork` እና በ`REPLACE` እንደ አዲስ አስጀምረዋለሁ። እየላከ ከሆነ አልነካውም፤ `REPLACE` የጀመረውን ይቆርጠዋል። አንዱ ሥራ ከ10 ደቂቃ በላይ እንዲሮጥ ስለማይፈቀድለትም ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እንጂ 46ቱን በአንድ ሥራ አታሽጉ።

ወረፋው ራሱ ስልኩ ላይ የተጻፈ መሆን አለበት። አፑ ሲዘጋ ወይም ባትሪ ሲያልቅ የሚጠፋ ዝርዝር ወረፋ አይባልም። ፎቶውንም ወደ አፑ የራሱ ማህደር ኮፒ አድርጉት። ተጠቃሚው ጋለሪውን ሲያጸዳ ወረፋችሁን አብሮ ያጸዳባችኋል።

በብራውዘር የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ጠበብ ይላል። ገጹ ከተዘጋ በኋላ መላክ የሚያስችለው `Background Sync` በክሮም ይሠራል፤ በሳፋሪ ላይ ግን አትተማመኑበት። ፎቶውን በ`IndexedDB` አስቀምጡና ገጹ በተከፈተ ቁጥር ካቆመበት ይቀጥል።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን ለኩ። እያንዳንዱ ሙከራ ስንት ባይት እንደላከ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ እና በምን ስህተት እንደቆመ አፑ ይመዝግብ። አንድ ሳምንት ይበቃል። ያ ከሌላችሁ ቢሮ ውስጥ ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ መስመሩን በእጅ ማድከም ይቻላል፦

```
sudo tc qdisc add dev wlan0 root netem rate 200kbit delay 400ms loss 3%
```

`wlan0` የሚለውን በራሳችሁ የኔትወርክ ካርድ ስም ቀይሩት። ስትጨርሱ `add` የሚለውን በ`del` ተክታችሁ አጥፉት፤ እኔ ረስቼው ግማሽ ቀን ቢሮው ኔትወርክ ተበላሸ ብዬ ስልክ ስደውል ውያለሁ። ይህ መድከሙን እንጂ መቋረጡን አያሳይም። ለመቋረጡ ስልኩን በየደቂቃው ኤርፕሌን ሞድ እያደረጋችሁ መልሱት።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ድብልቅ ነው። ከመስክ የሚሄደው 1600 ፒክስሉ ነው፤ ሙሉውን በአንዴ፣ ያለ ቁራጭ፣ በአሻራ ስም። ዋናው ፎቶ ስልኩ ላይ ይቆይና ዋይፋይ ሲገኝ በ`UNMETERED` ቅድመ ሁኔታ በ`tus` ይከተላል። ስልኩ ላይ የሚጠፋው ሁለተኛው ሲረጋገጥ ነው። ሰርቨሩ ላይ ተጀምረው የቀሩ ግማሽ ፋይሎችን በየሰባት ቀኑ የሚጠርግ ትንሽ ሥራም አለ፤ ያለሱ ዲስኩ ይሞላል።

ባለፈው ሳምንት ከይርጋለም ስትመለስ ደወልኩላት። ሁሉም አረንጓዴ ነው አለች። «ለማንኛውም ግን» አለችኝ፣ «በቴሌግራምም ልኬልሃለሁ።»